አማርኛ ለዜማው አይረዝምም

የእንግሊዝኛ መዝሙር ወደ አማርኛ ይመለስ በተባለ ቁጥር ሥራው ሳይጀመር የሚሰጥ ፍርድ አለ። «አማርኛ ረጅም ነው፤ በእነሱ አጭር ዜማ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወይ ዜማውን እንለቃለን፣ ወይ ከትምህርቱ ጥቂት እንቀንሳለን» ይባላል። አሰላ ላይ በመዘምራን ልምምድ መካከል ሰምቼዋለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ከተማሩ ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። ሁሉም የሚስማማበት ስለሆነ ማንም አይመረምረውም። እኔ ግን ፍርዱ ስሕተት ነው እላለሁ። በስሙም ከብዙ መዝሙር ላይ ትምህርት ተቆርጦ ወድቋል፤ የተቆረጠውም ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

ነገሩን በአንድ መዝሙር ላይ እናየዋለን፤ ጆን ኒውተን በጻፈው «አሜዚንግ ግሬስ»። መዝሙሩ መጀመሪያ የተዘጋጀው ኦልኒ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1773 ለአዲስ ዓመት ስብከት ሲሆን፣ የታተመው በ1779 ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዜማ ከቃሉ ጋር የተጋባው ግን በ1835፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛው ራሱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለዚህ ዜማ ኖሯል ማለት ነው። ቃልና ዜማ ሲፈጠሩ ጀምሮ አንድ አካል ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ያስታውስ።

«አማርኛ ይረዝማል» የሚለው ከየት መጣ? ከወረቀት ነው የመጣው። ሰው ስንኙን ይጽፍና ፊደሉን ይቆጥራል። በመዝሙር የሚቆጠረው ግን ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው፤ ቀለም ስል አፍ በአንድ አናባቢ የሚያወጣውን አንድ ድምፅ ማለቴ ነው። ሳድስ ፊደሎቻችን ብዙ ጊዜ አናባቢ የላቸውም። «አስተምሮ» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ ሲዘመር ግን አስ፣ ተም፣ ሮ፣ ሦስት ቀለም ብቻ። በፊደል የሚቆጥር ሰው ይህን ቃል ገና ሳይሞክረው «አይገባም» ብሎ ይጥለዋል። በእሱ ምትክ ፊደሉ ያነሰ ሌላ ቃል ይፈልጋል፤ ያገኘው ቃል ትምህርቱን ይዞ እንደሆነ መጠየቁን ያን ጊዜ ይረሳዋል።

የኒውተን መዝሙር ልክ ስምንት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፣ ስምንት፣ ስድስት እያለ ይሄዳል። ይህ ለአማርኛ ግጥም እንግዳ ነውን? ስምንቱ ለሁለት ሲከፈል አራት አራት ይሆናል፤ ይህ ቡሄ በሉ የምንለው የግጥም ቤት ልክ ነው። ስድስቱ ደግሞ የወል ቤት ግማሽ ነው፤ የወል ቤት ስንኙ ስድስት ሲደመር ስድስት ነውና። ሕፃን ልጅ በነሐሴ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚመታው ልክና ሽማግሌ በለቅሶ ላይ የሚገጥምበት ልክ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ የኒውተን ልክ ይወጣል። ዜማውም የሚሄደው በአምስት ድምፆች ብቻ ነው፤ አምስቱም በትዝታ ሜጀር ቅኝት ውስጥ ያሉት ናቸው። «ዜማው ባዕድ ነው» የሚለው ሰው ክራሩን አንሥቶ ይሞክረው። የዚህ መዝሙር ችግሩ ባዕድነት አይደለም፤ እንዲያውም ለጆሮአችን ከመቅረቡ የተነሣ አንዳንዱ አዳማጭ ዘፈን ይመስለኛል እስከማለት ይደርሳል፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የመዝሙሩ ሁለተኛ አንጓ በእኔ እምነት የጠቅላላው መዝሙር ልብ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ልቤን መፍራት ያስተማረው ጸጋ ነው፤ ፍርሃቴን ያነሣልኝም ያው ጸጋ ነው። አንድ ጸጋ ሁለት ሥራ ሠራ። መጀመሪያ ሰውየውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰና በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደሆነ አሳየው፤ ኋላ ያንኑ የተንቀጠቀጠ ሰው አሳረፈው። ፍርሃቱ ከሕግ መጣ፣ ዕረፍቱ ከጸጋ መጣ ብሎ አልከፈለውም፤ ሁለቱንም ለአንዱ ሰጠ። ኒውተን ይህን ሲጽፍ በመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ አልጻፈም። ባሪያ በሚነግዱ መርከቦች ላይ የሠራ፣ ካፒቴንም የነበረ ሰው ነው። በ1748 በማዕበል ውስጥ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ንግዱን አልተወም። በባሪያ ንግድ ላይ በአደባባይ የጻፈው ገና በ1788 ነው። መፍራትን መማር ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ይህ አንጓ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምን ይደርስበታል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ይጠፋል። «ቦታ የለም» ይባልና ጸጋ ከፍርሃት ሁሉ አዳነኝ የሚል ደግ ሐሳብ ብቻ ይቀራል። ዘማሪው ደስ ይለዋል፣ ጉባኤውም ያጨበጭባል። ነገር ግን ያ ጸጋ ቀድሞ ያልቀሰቀሰ፣ ሰውን በተኛበት የሚያባብል ጸጋ ሆኗል። መዝሙሩ ሌላ ወንጌል መስበክ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰበቡም የቀለም ቁጥር ነው።

ቦታ አለ። እንሞክረው።

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ «ጸጋው መፍራት አስተማረኝ»። ቀለሙ ስምንት ነው፣ ትምህርቱም አለ። ዜማው ላይ ሲወጣ ግን ይሰናከላል። ይህ ዜማ ከአጭር ድምፅ ይነሣና ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ድምፅ ላይ ይረግጣል፤ የሚረዝሙትም እነዚሁ ናቸው። በዚህ ስንኝ ስድስተኛው ላይ የሚወድቀው «ተ» ነው። ዘማሪው «አስተተተ» ብሎ ጎትቶ «ማረኝ» የሚለውን ለብቻው ያወጣዋል። ሰሚው የሚሰማው «ማረኝ» ነው፤ ይቅር በለኝ። ስንኙ ስለ መማር ሊናገር ተነሥቶ ስለ ምሕረት ተናግሮ አረፈ። ቀለም ቆጥሮ «ተስተካክሏል» ያለ ሰው ይህን በወረቀት ላይ ሊያየው አይችልም፤ በጆሮ ብቻ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ቁጥሩ ልክ ሆኖም ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ከባዱ ቀለም በሚረግጠው ድምፅ ላይ መዋል አለበት። ቃሉን ትንሽ እናንቀሳቅሰው፦

ጸጋው መፍራትን አስተምሮ
ፍርሃቴን ሻረልኝ፤
ባመንኩበት በዚያች ሰዓት
ክቡር ሆኖ ታየኝ።

ፊደል የሚቆጥር ሰው የመጀመሪያውን ስንኝ አሥራ ሦስት ያገኘዋል። ሲዘመር ግን ጸግ፣ ጋው፣ መፍ፣ ራ፣ ትን፣ አስ፣ ተም፣ ሮ ነው፤ ስምንት። የሚረግጡት ጋው፣ ራ፣ አስ፣ ሮ ናቸው። ስንኙ የሚያርፈው «ሮ» ላይ ነው፤ አፍ ክፍት ሆኖ ድምፁ እንደ ልብ ይረዝማል። ሁለተኛው በፊደል ዘጠኝ ነው፤ ሲዘመር ፍር፣ ሃ፣ ቴን፣ ሻ፣ ረል፣ ልኝ፣ ስድስት ሆኖ ይገባል።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን «አስተምሮ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ የሚሠራው ሥራ ነው። በአማርኛ «በልቶ ሄደ» ብንል የበላውና የሄደው አንድ ሰው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። «አስተምሮ ሻረልኝ» ስንልም ያስተማረውና የሻረው አንድ ጸጋ መሆኑን ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል። እንግሊዝኛው ይህን ለማለት ጸጋ የሚለውን ስም ደጋግሞ መጥራት ነበረበት፤ እኛ አንድ ጊዜ ጠርተን ግሱን ብናስከትል ይበቃል። ረጅም የተባለው ቋንቋ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው አጠረ። አማርኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ይሸከማል፤ «ሻረልኝ» በሦስት ቀለም ማን እንደሻረ፣ ለማን እንደሻረ ይናገራል። ቦታ የለም የሚለው ሰው ይህን ሀብት ሳይጠቀምበት ነው ድሀ ነን የሚለው።

የጠፋ ነገር የለም አልልም። «ልቤን» የሚለው ቀርቷል፣ «መጀመሪያ ያመንኩበት» የሚለው «መጀመሪያ»ም ቀርቷል። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ስንኝ ቤት አይመቱም፤ በእንግሊዝኛው ይመታሉ። «ኝ» ላይ ቤት መምታትም ቀላል ስለሆነ በየአንጓው ከተደጋገመ ይሰለቻል። እነዚህን ልተዋቸው እችላለሁ፤ አንድ ጸጋ ሁለት ሥራ መሥራቱን ግን አልተውም። ወይ ዜማ ወይ ትምህርት የሚለው ፍርድ ይህን ምርጫ ይሸፍነዋል። መቼም አንድ ነገር ይቀራል፤ ጥያቄው የሚቀረው ጌጡ ነው ወይስ ምሰሶው የሚል ነው። በስንኝ ሳይሆን በአንጓ የሚያስብ ተርጓሚ ጌጡን መርጦ መተው ይችላል። ስንኝ በስንኝ የሚሄድ ግን ቦታ ያለቀበት ስንኝ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጥላል።

በመጀመሪያው አንጓ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ኒውተን ራሱን የጠራበትን ቃል ብዙዎች «ምስኪን» ይሉታል፤ ለስላሳ ነው፣ በየዜማው ይገባል። ምስኪን ግን የሚታዘንለት እንጂ የሚከሰስ ሰው አይደለም። አርሲ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃሉን የሚጠቀምበት ለችግረኛ ነው፤ ምጽዋት የሚገባው ሰው ማለት ነው። በመርከቡ ሆድ ሰዎችን በሰንሰለት ጭኖ ባሕር ያቋረጠን ሰው ምስኪን ማለት ከበደሉ ነፃ ማውጣት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ በሮሜ ምዕራፍ ሰባት መጨረሻ አካባቢ ጳውሎስ ስለ ራሱ ሲጮኽ «ጎስቋላ» የሚለውን ቃል ሰጥቶታል። ሦስት ቀለም ነው፤ ጎስ፣ ቋ፣ ላ። ምስኪንም ሁለት ቀለም ነው። የአንድ ቀለም ልዩነት ለማትረፍ የሰውየውን ክስ መዝጋት ተገቢ አይመስለኝም።

እዚያው አንጓ ላይ ስለ መጥፋትና መገኘት ይነገራል። «ተገኘሁ» የሚለው ቃል በሉቃስ ወንጌል ከጠፋው ልጅ ታሪክ ጋር ስለሚያያዝ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ዕለት ተዕለት ግን «ስብሰባው ላይ ተገኘሁ» የምንልበት ቃል ነው፤ ራሴ ሄጄ ተገኘሁ። የመዝሙሩ ነገር ግን ጠፊው ምንም አለማድረጉ ነው። ስለዚህ አድራጊውን ወደ ግሱ መመለስን እመርጣለሁ፦ «የጠፋሁትን አገኘኝ፤ ዓይኔን አበራልኝ»። ስምንትና ስድስት ቀለም ነው። ዕውር የሚለው ቃል ባይጠራም ዓይን የሚበራለት ዕውር ብቻ ስለሆነ ሰሚው ይረዳዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «አገኘኝ» ለመከራም የሚባል ስለሆነ ያገኘው ማን እንደሆነ ከፊቱ ባለው ስንኝ ላይ በስም መጠራት አለበት። ያለዚያ ዘማሪው ችግር ያገኘው ሰው ይመስላል።

አሁን ወደ አሰላ ልመለስ። ይህን ክርክር ከዚህ ሆኜ የማነሣው በአጋጣሚ አይደለም። ጭላሎ ሥር ባሉ ጉባኤዎች የሚዘምረው ሰው አብዛኛው በአርሲ ኦሮምኛ አፉን የፈታ ነው። በጠዋቱ ፕሮግራም ኦሮምኛ፣ በከሰዓቱ አማርኛ ይዘመራል፤ በጋራ ቀን ደግሞ አንዱን ዜማ ሁለቱ ወገን በየቋንቋው በአንድ ጊዜ ያወጡታል። ያን ቀን የስንኝ ማረፊያ ካልተገጣጠመ አንዱ ወገን ሲተነፍስ ሌላው ገና በቃል መካከል ነው፣ ጉባኤው በሙሉ ይፋለሳል። ስለዚህ ዜማውን እንልቀቀው የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ዜማው ጎረቤታሞች አብረው የሚቆሙበት ነው። ኦሮምኛው በዚህ መንገድ ቀደም ብሎ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ መዝሙሮችንም ወደ ቋንቋው መልሷል፤ «ኦሮምኛ ረጅም ነው» ብሎ አልተቀመጠም።

ሌላም ጥቅም አለን። ቁቤ የለመደ ልጅ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ፊደላችን ግን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። በመዝሙር ደብተር ላይ «ይሰማል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሲላላ እግዚአብሔር ይሰማል፣ ሲጠብቅ ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። ጸሎትን የሚሰማው አምላክ በማጥበቅ ብቻ ራሱ የሚሰማ ድምፅ ይሆናል። በተራ ንግግር ዐውዱ ያድነናል፤ ረጅም ድምፅ ላይ ሲጎተት ግን ላላው እንደ ጠበቀ፣ የጠበቀውም እንደ ላላ ሊወጣ ይችላል። በልምምድ ላይ አንድ ወጣት ዘማሪ በአማርኛው ስንኝ ሥር በእርሳስ የቁቤ ድርብ ፊደል እየጻፈ የሚጠብቀውን ሲያመለክት አይቻለሁ። ማንም አላስተማረውም። «ካልጻፍኩት ሶፕራኖዎቹ አላልተው ይወስዱታል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የጠበቀ ፊደል ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ድምፅ ሲሻገር እንደሚያምር፣ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ሲሄድ ግን እንደሚሰበር እሱ ነው ያሳየኝ። «ጸጋው» በዜማው መነሻ ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ «ጸግ» አጭሩ ላይ ተዘግቶ «ጋው» ረጅሙ ላይ ይከፈታል።

«የራሳችንን መዝሙር እንጻፍ እንጂ የሰው ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖራል። የራሳችንን ጽፈናል፣ እየጻፍንም ነው፤ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተነሡት መዘምራን ያበረከቱት በቂ ምስክር ነው። ያ ግን የተተረጎመውን በግዴለሽነት ለመሥራት ምክንያት አይሆንም። ጉባኤው እስከዘመረው ድረስ ትምህርቱ በልቡ ይገባል፤ ስብከት ሲረሳ መዝሙር ይቀራል። ደግሞም የራሱን መዝሙር የሚጽፍ ሰው ያው የቀለምና የማጥበቅ ችግር ይጠብቀዋል።

ትርጉሙ እንደሠራ በምን ይታወቃል? እንግሊዝኛውን በማያውቅ ሰው ነው። ከላይ ያለውን አንጓ ኦሮምኛ አፍ መፍቻቸው ለሆኑ፣ አማርኛን ገበያ ላይ ለተማሩ አንዲት እናት በዜማው አሰማኋቸው። «እማማ፣ ጸጋው ምን አደረገ ይላል?» አልኳቸው።

«አስፈራውና አረጋጋው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን ማንን ነው ያስተማረው? ስሙን አልጠራም እኮ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። «ልቤን» የሚለውን ትቼ ነበርና በመጀመሪያው ስንኝ ላይ የተማረው ሰው የለም፤ «ፍርሃቴን» እስኪመጣ ድረስ ጆሮ ይጠብቃል። ይህ ጌጥ ነው ብዬ የተውኩት ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም ከምሰሶው የተቆረጠ ነው፤ ገና አልወሰንኩም። አንድ መውጫ ታይቶኛል። «መፍራትን» በሚለው ፋንታ «ልቤን መፍራት» ብንል አንድ ቀለም ስለሚተርፍ «ጸጋው» ወደ ሁለተኛው ስንኝ መውረድ ይኖርበታል፦ «ልቤን መፍራት አስተምሮት፣ ጸጋው ሻረው ፍርሃቴን»። ቀለሙን ቁጠሩት፤ የመጀመሪያው ሰባት ሆኖ አንድ ጎደለ፣ ሁለተኛውም ሰባት ሆኖ አንድ ተረፈ። የጎደለውን ለመሙላት ቢጎተት እንኳ «አስተምሮት» በ«ት» ተዘግቶ ረጅሙን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ ስድስተኛውም ላይ ያ «ተ» «ተም» ሆኖ ተመልሶ መጥቷል። በዚህ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሁለቱንም አቅርቤ መዘምራኑ በድምፃቸው ይመርምሩት ብያለሁ፤ የጠበቁት ፊደሎችም በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ከራሳቸው በላይ ነጥብ ተደርጎባቸው ይታደላሉ።